የተዋዠቀ ገቢና የዓመቱ ግብር፦ ተመላሽ ነው ወይስ ጭማሪ?

ዛሬ የምናየው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የወር ገቢው ከፍና ዝቅ የሚል ተቀጣሪ የግብር ዘመኑ ሲዘጋ ገንዘብ ይመለስለታል ወይስ ተጨማሪ ይከፍላል? በኮሚሽን የሚሠራ ሻጭ፣ ሥራ ሲበዛ ትርፍ ሰዓት የሚገባ ቴክኒሻን፣ በወቅታዊ ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ ሁሉም ይህ ጥያቄ ይመለከታቸዋል። መልሱን አስቀድመን እንናገርና ቀሪውን ጊዜ ለምክንያቱ እናውለው፦ የገቢ መዋዠቅ ብቻውን ማንንም ባለዕዳ አያደርግም። ወይ ተመላሽ ያስገኛል፣ ወይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ሒሳቡ ተሠርቶ ተጨማሪ ክፍያ ከወጣ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ወደ ቁጥር ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት። በየወሩ ከደመወዝ የሚቀነሰው ግብር በሕጉ መሠረት የመጨረሻ ግብር ነው ወይስ በዓመቱ ግብር ላይ የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ? በአንዳንድ አገር የወሩ ግብር በወሩ ያልቃል፤ ዓመቱን ደምሮ እንደገና ማስላት የሚባል ነገር የለም። እዚያ ያለ ሰው ገቢው የቱንም ያህል ቢዋዥቅ የሚያስታርቀው ሒሳብ የለውም። ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ ግብሩ የሚሰላው በዓመት ገቢ ላይ ሆኖ ወርሃዊው ተቀናሽ ግን በግምት ለሚሰበሰብበት ሥርዓት ነው።

ለምሳሌ እንዲመቸን ቀላል የግብር ምጣኔ እንውሰድ። የትኛውም አገር ምጣኔ አይደለም፤ ቁጥሮቹንም በፈለጋችሁት ገንዘብ አንብቧቸው። በዓመት እስከ 24,000 ግብር የለም። ከዚያ በላይ እስከ 60,000 ያለው 10 በመቶ፣ ከ60,000 በላይ እስከ 120,000 ያለው 20 በመቶ፣ ከ120,000 በላይ ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። የወሩ ምጣኔ ይኸው ለ12 የተካፈለ ነው፤ እርከኖቹ 2,000፣ 5,000 እና 10,000 ላይ ይቆረጣሉ።

አሁን በኮሚሽን የምትሠራ አንዲት ሻጭ እንውሰድ። ግብር የሚታሰብበት ገቢዋ፣ ማለትም ሕጉ የሚፈቅደው የጡረታ መዋጮ ከተቀነሰ በኋላ ያለው፣ እና ቀጣሪዋ በየወሩ የቀነሰው ግብር እንዲህ ነው።

| ወር | ገቢ | የተቀነሰ ግብር |
|---|---|---|
| 1 | 3,000 | 100 |
| 2 | 1,500 | 0 |
| 3 | 1,500 | 0 |
| 4 | 4,000 | 200 |
| 5 | 9,000 | 1,100 |
| 6 | 14,000 | 2,500 |
| 7 | 12,000 | 1,900 |
| 8 | 6,000 | 500 |
| 9 | 4,000 | 200 |
| 10 | 2,000 | 0 |
| 11 | 3,000 | 100 |
| 12 | 12,000 | 1,900 |
| ድምር | 72,000 | 8,500 |

ስድስተኛውን ወር ቀረብ ብለን እንየው። ከ14,000 ውስጥ የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው። ቀጣዩ 3,000 በ10 በመቶ 300፣ ቀጣዩ 5,000 በ20 በመቶ 1,000፣ የቀረው 4,000 በ30 በመቶ 1,200 ይሆናል፤ በድምሩ 2,500። የደመወዝ ክፍሉ አልተሳሳተም። ሠራተኛዋ በየወሩ 14,000 የምታገኝ ናት ብሎ ነው የቀነሰው፤ የወሩን ገቢ ብቻ የሚያይ ሌላ ሊገምት አይችልም።

ዓመቱ ሲዘጋ ግን እውነቱ ታውቋል፤ ያገኘችው 72,000 ነው። የመጀመሪያው 24,000 ነፃ፣ ቀጣዩ 36,000 በ10 በመቶ 3,600፣ የቀረው 12,000 በ20 በመቶ 2,400። የዓመቱ ግብር 6,000 ነው። የተቀነሰባት 8,500 ስለሆነ 2,500 ተመላሽ አላት።

ይህ 2,500 ከየት መጣ? በ30 በመቶ እርከን እንጀምር። በ6ኛው ወር 4,000፣ በ7ኛው 2,000፣ በ12ኛው 2,000፣ በድምሩ 8,000 በ30 በመቶ ተቀንሶበታል። የዓመት ገቢዋ ግን 120,000 ያልደረሰ ሰው ስለሆነች በዚያ እርከን ውስጥ አንድም ሳንቲም ሊኖራት አይገባም ነበር። ይህ 8,000 ከ30 ወደ 20 በመቶ ሲወርድ 800 ይመለሳል። በወርሃዊው ስሌት ከ5,000 በላይ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ሲደመር 28,000 ነው፤ በዓመቱ ስሌት ከ60,000 በላይ ያለው ግን 12,000 ብቻ። በመካከሉ ያለው 16,000 አንድ እርከን ዝቅ ስለሚል ሌላ 1,600 ይመለሳል። በመጨረሻም በ2ኛውና በ3ኛው ወር ገቢዋ 1,500 ስለነበር ከነፃው 2,000 በየወሩ 500 ሳትጠቀምበት ቀርቷል፤ ይህ 1,000 አሁን በ10 በመቶ ከተቀነሰበት ገንዘብ ላይ ይነሳላታል፤ 100። 800፣ 1,600 እና 100 ሲደመሩ 2,500 ይመጣል። ይህን ማጣሪያ እንድትለምዱት እመክራለሁ። የተመላሹን መጠን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከየትኛው እርከን እንደመጣ ማሳየት መቻል ግን ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው።

ከዚሁ የምንመለከተው ነገር አለ። ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ሳይሞላ የቀረ ዝቅተኛ እርከን ወሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ሥራ ወደሞቀበት ወር አይሻገርም። የዓመቱ ስሌት ያንን ባዶ ቦታ ያሻግረዋል። ተገላቢጦሹ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም የዓመቱ እርከን የአሥራ ሁለቱ ወራት እርከኖች ድምር ነው። በየወሩ በዝቅተኛ እርከን ውስጥ የገባ ገንዘብ ሁሉ በዓመቱ ዝቅተኛ እርከን ውስጥም ቦታ አለው። ስለዚህ የዓመቱ ግብር ከወራቱ ድምር ሊያንስ ወይም እኩል ሊሆን ይችላል እንጂ ሊበልጥ አይችልም። መነሻችን ላይ መዋዠቅ ባለዕዳ አያደርግም ያልነው ለዚህ ነው።

እኩል የሚሆነው መቼ ነው? ሁሉም ወራት በአንድ እርከን ውስጥ ሲወድቁ። አንድ ሰው ስድስት ወር 5,500፣ ስድስት ወር 9,500 ቢያገኝ ገቢው በጣም ተዋዥቋል፤ ግን ሁልጊዜ ከ5,000 በላይና ከ10,000 በታች ስለሆነ የሚመለስለት ዜሮ ነው። ለተመላሽ የሚያበቃው የመዋዠቁ ስፋት ሳይሆን የእርከን ድንበር መሻገሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ «ገቢዬ እኮ ይዋዥቃል» ብሎ የማይመጣ ተመላሽ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ስሌት ስህተቶች እንምጣ። በብዛት የማየው አንደኛው በአቋራጭ ቀመሩ ላይ የሚሠራው ነው። የደመወዝ ሠራተኞች እርከን በእርከን አያሰሉም፤ ገቢውን በላይኛው ምጣኔ አባዝተው የተወሰነ ተቀናሽ ያወርዳሉ። በእኛ ምሳሌ ለወር፣ በ10 በመቶው እርከን ተቀናሹ 200፣ በ20 በመቶው 700፣ በ30 በመቶው 1,700 ነው። ችግሩ የሚመጣው የወሩን ተቀናሽ በዓመት ገቢ ላይ ሲጠቀሙበት ነው። 72,000 በ20 በመቶ 14,400 ይሆናል፤ ከዚህ 700 ቢነሳ 13,700 ይቀራል፤ ሻጯም በድንገት የ5,200 ባለዕዳ ሆና ትገኛለች። ትክክለኛው የዓመት ተቀናሽ 700 በ12 ተባዝቶ 8,400 ነው፤ 14,400 ሲቀነስ 8,400፣ 6,000። እንዲህ ያለ ትልቅ ዕዳ በአንድ ቀጣሪ ብቻ በሚሠራ ሰው ላይ ከወጣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ተመልከቱ።

በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ለሚሠራ ሰው ከተቀናሽ ጋር የማይታገል ቀመር አለ። ገቢው በB ዓምድ ሆኖ ወራቱ ከ2ኛው እስከ 13ኛው ረድፍ፣ ድምሩ በ14ኛው ረድፍ ከሆነ ይህን ማስገባት ይቻላል።

```
=MAX(0,B14-24000)*0.1+MAX(0,B14-60000)*0.1+MAX(0,B14-120000)*0.1
```

እዚህ ላይ 0.1 ሦስት ጊዜ የተደጋገመው ምጣኔው በየድንበሩ በ10 በመቶ ስለሚጨምር ነው፤ የእናንተ አገር ምጣኔ በሌላ መጠን ከጨመረ በየድንበሩ ያለውን ልዩነት ታስገባላችሁ። ለወሩ ደግሞ B14ን ወደ ወሩ ሕዋስ፣ ለምሳሌ ወደ B2፣ ድንበሮቹን ደግሞ ወደ 2000፣ 5000 እና 10000 መቀየር ብቻ ነው።

አማካይ ወስዶ ማስላትም ይቻላል፤ 72,000 ለ12 ሲካፈል 6,000፣ የ6,000 የወር ግብር 500፣ በ12 ሲባዛ 6,000። ግን ማካፈያው 12 መሆኑን ልብ በሉ። ሥራ ያልነበረባቸውን ወራት አውጥቶ ለስምንት ወይም ለዘጠኝ የሚያካፍል ሰው ለነዚያ ወራት የተሰጠውን ነፃ ገቢ በገዛ እጁ እየጣለው ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ግን የሕግ ጥያቄ አለበት፤ ትንሽ እንቆይበት። አንድ ሰው በዓመቱ አጋማሽ ተቀጥሮ አምስት ወር ብቻ በየወሩ 12,000 ቢያገኝ ድምሩ 60,000 ነው፤ በየወሩ 1,900 ስለተቀነሰበት 9,500 ከፍሏል። ሙሉ ዓመቱ ከታሰበለት ግብሩ 3,600 ነው፤ 5,900 ይመለስለታል። ነፃው ገቢና እርከኖቹ በሠራባቸው ወራት ልክ የሚቆረጡበት ሥርዓት ከሆነ ግን የአምስት ወር እርከን ብቻ ስለሚሰጠው የሚመለስለት ምንም የለም። ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት በአንድ የሕግ አንቀጽ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ለጀማሪ ሠራተኛ፣ ሥራ ለለቀቀና በዓመቱ መካከል አገር ለቀየረ ሰው ስሌቱን ከመጀመራችሁ በፊት አንቀጹን አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚወስነው ሰውየው ዓመቱን ሙሉ የአገሩ ነዋሪ መሆን አለመሆኑ ነው።

ታዲያ ተጨማሪ ክፍያ የሚመጣው ከየት ነው? በተግባር ትልቁ ምንጭ ሁለተኛ ቀጣሪ ነው። ያችው ሻጭ ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ለሌላ ድርጅት ሒሳብ እየመዘገበች በወር 1,500 ታገኝ ነበር እንበል። ሁለተኛው ቀጣሪ የሚያየው የራሱን 1,500 ብቻ ነው። ከነፃው 2,000 በታች ስለሆነ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። የመጀመሪያውም ቀጣሪ ነፃውን 2,000 ሰጥቷታል፤ ሕጉ ግን ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ነፃ ገቢ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ ሲደመሩ ገቢዋ 90,000 ይሆናል። ግብሩ 3,600 እና በ20 በመቶ የ30,000 ግብር 6,000፣ በድምሩ 9,600። የተቀነሰው ያው 8,500 ነው። ስለዚህ 1,100 ትጨምራለች።

ይህን ውጤት ከቀድሞው ጋር አስተያዩት። 2,500 ልትቀበል የነበረች ሰው 1,100 ከፋይ ሆናለች፤ ልዩነቱ 3,600 ነው። 3,600 ደግሞ ከሁለተኛው ሥራ ያገኘችው 18,000 በ20 በመቶ የሚከፈልበት ግብር ነው። ከዋናው ሥራዋ መዋዠቅ የመጣው ተመላሽ አልጠፋም፤ የሁለተኛውን ሥራ ዕዳ በከፊል ሸፍኖላታል። ዕዳው በየወሩ ስላልታየ ነው በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚያስደነግጠው። መፍትሔው ለሁለተኛው ቀጣሪ «ዋና ቀጣሪዬ ሌላ ነው» ብሎ ማሳወቅ ነው፤ ብዙ ሥርዓቶች በዚህ ጊዜ ነፃ ገቢውን ሳይሰጡ ከመጀመሪያው ሳንቲም ጀምሮ እንዲቀነስ ያደርጋሉ።

ከሁለተኛ ቀጣሪ ቀጥሎ የሚፈተሸው ቦነስ ነው። አንዳንድ ሥርዓት ቦነስን ከደመወዙ ጋር ሳይደምር በቋሚ ምጣኔ ያስቀንሳል። ቋሚው ምጣኔ የሰውዬው ገቢ በዓመት ከሚደርስበት እርከን ካነሰ ልዩነቱ በዓመቱ መጨረሻ ይጠየቃል፤ ከበለጠ ይመለሳል። በዓይነት የተሰጡ ጥቅሞች፣ ለምሳሌ የመኪና ወይም የቤት አቅርቦት፣ በየወሩ ሳይታሰቡ ቀርተው በዓመቱ መጨረሻ ሲደመሩም ያው ነው፤ ገቢው አለ፣ የተቀነሰ ግብር ግን የለም።

ሌላው ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ቀን ነው። ገቢ የሚቆጠረው በተሠራበት ወር ነው ወይስ በተከፈለበት? የ12ኛው ወር 12,000 በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ከተከፈለና ሕጉ የክፍያን ቀን ከተከተለ፣ የዚህ ዓመት ገቢ 60,000፣ ግብሩ 3,600፣ የተቀነሰው 6,600 ይሆናል፤ ተመላሹም 3,000። የቀጣዩ ዓመት ግን አሥራ ሦስት ክፍያ ሊገባበት ይችላል፤ አሥራ ሦስቱም በየወሩ ነፃ ገቢ ከተሰጣቸው፣ ዓመቱ ግን የአሥራ ሁለት ወር እርከን ብቻ ስላለው ቅድም የማይገለበጥ ያልነው ሕግ ይገለበጣል፤ ገቢው ባይዋዥቅ እንኳ ዕዳ ሊመጣ ይችላል። የክፍያዎችን ብዛት መቁጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ 12 ካልሆነ ምክንያቱን ጠይቁ።

ይህ ሁሉ የዓመት መጨረሻ ግርግር ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። ከ1944 ጀምሮ በብሪታንያ የሚሠራበት የደመወዝ ግብር አሰባሰብ ወራቱን እያከማቸ ያሰላል። ቀጣሪው በየወሩ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ያለውን ገቢ ይደምራል፣ የእስካሁኑን እርከን ይሰጣል፣ ከወጣው ግብር ላይ ቀድሞ የተቀነሰውን ያነሳል። በእኛ ሻጭ ላይ ብንሠራው በ6ኛው ወር የተጠራቀመው ገቢ 33,000፣ የስድስት ወር ግብሩ 2,400፣ በዚሁ አሠራር እስከ 5ኛው ወር የተቀነሰው 900 ስለሆነ በ6ኛው ወር የሚቀነሰው 1,500 ነው፤ በወር በወሩ ስሌት የነበረው 2,500 አይደለም። በ10ኛው ወር ገቢዋ 2,000 ብቻ ሲሆን ቀጣሪዋ መቀነሱን ትቶ 300 ይመልስላታል። 12ኛው ወር ሲደርስ ድምሩ ልክ 6,000 ላይ ያርፋል፤ የሚታረቅ ነገር አይተርፍም። ጃፓን ደግሞ ማስታረቁን ለቀጣሪው ሰጥታዋለች፤ የዓመቱ የመጨረሻ ደመወዝ ሲከፈል ቀጣሪው የዓመቱን ግብር አስልቶ ልዩነቱን እዚያው ያስተካክላል። በሁለቱም ግን ሌላ ቀጣሪ ካለ አንዱ ደመወዝ ክፍል የሌላውን አያይም፤ ያኔ ማስታረቁ ከቀጣሪው እጅ ይወጣል።

ማስታረቁን ራሱ ለሚሠራ ሰው የሚቀረው ወረቀት ነው። ከየቀጣሪው የዓመቱን ገቢና የተቀነሰ ግብር የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። የአሥራ ሁለቱን ወር የደመወዝ ወረቀት ደምራችሁ ከማስረጃው ጋር አመሳክሩ። በጥቂት ሳንቲም መለያየቱ በየወሩ ከሚደረግ ማጠጋጋት የሚመጣ ስለሆነ ተዉት። የአንድ ወር ሙሉ ግብር ያህል ልዩነት ካለ ግን አንድ ክፍያ ወደ ሌላ ዓመት ተመዝግቧል፣ ወይም ሠራተኛው ከመጠን በላይ ተከፍሎት የመለሰው ደመወዝ ከገቢው ላይ አልተነሳም ማለት ነው። ግብሩ ከሠራተኛው ተቀንሶ ለባለሥልጣኑ ገቢ ሳይደረግ የቀረበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ሠራተኛው መቀነሱን የሚያስረዳበት ዋና ነገር በእጁ ያለው የደመወዝ ወረቀት ነው። ተመላሽ ከመጠየቁ በፊት የቀጣሪው ማስረጃ ይታረም፤ ስህተቱን ይዞ የገባ ማመልከቻ ባለሥልጣኑ በራሱ መዝገብ ካለው ቁጥር ጋር ስለማይገጥም ወደ ምርመራ ይሄድና ተመላሹ እዚያው ይቆያል።